«ላይ» ሁልጊዜ ኦን አይደለም፦ ኢን፣ ኦን እና አት ለምን ይለያያሉ?

ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጥታ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ ዓረፍተ ነገር አሳየችኝ። መልመጃው ባዶ ቦታዎችን በተስማሚ መስተዋድድ መሙላት የሚጠይቅ ነበር። እርሷም «ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ላይ ነው» የሚለውን በልቧ ይዛ «ኦን ኤይት ኦክሎክ» ብላ ጽፋለች። ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን የሰዓት አቆጣጠር በትክክል ለውጣ 2ን 8 አድርጋዋለች፤ የተሰመረባት ኦን በሚለው ቃል ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ላይ ማለት ኦን አይደለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ኦን ነው፣ ሰዓት ላይ ሲባል ግን አት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ልጅቷ የጠየቀችው ምክንያቱን ነው፣ ምክንያቱም ደግሞ አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከራሳችን ቋንቋ አሠራር ነው። አማርኛ ቦታን ሲያመለክት ሥራውን ለሁለት ይከፍላል፦ «በ» ከስሙ ፊት ይገባና ግንኙነት መኖሩን ያመለክታል፣ ከስሙ በኋላ የሚመጣው «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ «ሥር» ወይም «አጠገብ» ደግሞ ትክክለኛውን ስፍራ ይነግረናል። «በጠረጴዛው ላይ»፣ «በሣጥኑ ውስጥ» እንላለን። ኋላ የሚመጣው ቃል ሳይኖር «በ» ብቻውን ሲቆም ግን «በአዲስ አበባ»፣ «በመስከረም»፣ «በመኪና»፣ «በቢላ» እያልን እንግሊዝኛ በተለያዩ ቃላት የሚገልጻቸውን ነገሮች ሁሉ በአንዲት ፊደል እንሸፍናለን። ስለዚህ ተማሪው «በ»ን አይቶ ከኢን፣ ከኦንና ከአት አንዱን ለመምረጥ የሚያስችለው ፍንጭ አያገኝም።

«ላይ» ደግሞ ፍንጭ የሚሰጥ ይመስልና የባሰ ያሳስታል። «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው»፣ «ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል»፣ «ወፏ ዛፉ ላይ ናት»፣ «ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል»፣ «አያቴ ፎቶው ላይ አሉ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «2 ሰዓት ላይ እንገናኝ» የሚሉትን ሰባት ዓረፍተ ነገሮች እንመልከት። ሁሉም ጥርት ያለ አማርኛ ናቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ ግን ኦን የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ወፏ፣ ሽማግሌውና አያቴ ኢን ይወስዳሉ፤ በሩና ሰዓቱ አት ይወስዳሉ፤ ስብሰባው እንደ አነጋገሩ አት ወይም ኢን ይሆናል እንጂ ኦን አይሆንም። «ላይ ማለት ኦን ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ተማሪ ከሰባቱ ስድስቱን ይስታል ማለት ነው።

እንግሊዝኛ በሦስቱ ቃላት የሚለየው ተናጋሪው ቦታውን በዓይነ ኅሊናው እንዴት አድርጎ እንደሚስለው ነው። አት ሲል ቦታውን በካርታ ላይ እንዳለች ነጥብ ያደርገዋል፤ ውስጡ ምን እንደሚመስል፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ለጊዜው አያገባውም። ኦን ሲል የሚነካ ገጽ ወይም የሚከተሉት መስመር አድርጎ ያየዋል። ኢን ሲል ደግሞ ወሰን ያለው፣ ሌላውን ነገር ከብቦ የሚይዝ አድርጎ ያስበዋል። እዚህ ላይ መያዝ ያለበት ዋናው ቁም ነገር መስተዋድዱን የሚወስነው የቦታው ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ያው ቦታ እንደ አተያዩ ሦስቱንም ሊወስድ ይችላል።

አንድን በር እንውሰድ። እንግዳ መጥቶ በሩን እያንኳኳ ከሆነ «አት ዘ ዶር» ነው፤ በሩ እንግዳው የሚገኝበትን ስፍራ የሚጠቁም ነጥብ ብቻ ነውና። በሩ የሚከራይ ቤት መኖሩን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነ ወረቀቱ «ኦን ዘ ዶር» ነው፤ ገጹን ነክቶ ይዟልና። ቁልፉ ተሰክቶ ከቀረ ደግሞ ቁልፉ «ኢን ዘ ዶር» ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቷልና። እኛ ሦስቱንም «በሩ ላይ» እንላለን፤ እንግዳውም በሩ ላይ ነው፣ ወረቀቱም በሩ ላይ ነው፣ ቁልፉም በሩ ላይ ቀርቷል። ልዩነቱን የምንረዳው ከግሱ፣ ማለትም ከመቆሙ፣ ከመለጠፉና ከመሰካቱ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሸክም የሚያሸክመው መስተዋድዱን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለእህቴ ልጅ አንድ መፈተኛ ሰጠኋት፤ ለቦታ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አማርኛችን «ጋ» የሚል ቃል አለው፤ «ፖስታ ቤቱ ጋ ጠብቂኝ» ስንል ፖስታ ቤቱን ከነውስጡ ሳይሆን እንደ ምልክት ነጥብ ነው የምናየው፤ ይህም የአት አተያይ ነው። ስለዚህ «ላይ» የሚለውን አንሥተሽ «ጋ» አስገቢ፤ ትርጉሙ ካልተበላሸ መልሱ አት ነው። «እንግዳው በሩ ጋ ቆሟል» ያስኬዳል፤ «ወረቀቱ በሩ ጋ ተለጥፏል» ግን ሌላ ቦታ የተለጠፈ ያስመስለዋል፣ ስለዚህ አት አይሆንም። መፈተኛው ለጊዜ አይሠራም፤ «2 ሰዓት ጋ» የሚል የለምና።

በየክፍሉ የሚነገር አንድ ሕግ ግን ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ይኸውም «ለትልቅ ቦታ ኢን፣ ለትንሽ ቦታ አት» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰምርለት ይመስላል፤ ትልቅ ቦታን በውስጡ እንደምንኖርበት፣ ትንሽን እንደ ነጥብ ማየት ስለሚቀናን ነው እንጂ ስፋቱ ራሱ ሕግ አይደለም። አድዋን እንመልከት። አንዲት ሴት የምትኖረው በከተማዋ ከሆነ «ኢን አድዋ» ትኖራለች ይባላል። ስለ ጦርነቱ ሲነገር ግን የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ያደረገው «አት አድዋ» ነው፤ ያኔ አድዋ በታሪክ ካርታ ላይ ድሉ የተገኘባት ነጥብ እንጂ የመኖሪያ ከተማ ሆና አትታይም። ከተማዋ አልሰፋችም፣ አልጠበበችም፤ የተለወጠው የተናጋሪው አተያይ ነው። እንደዚሁ ወደ ጆሃንስበርግ የሚበር አውሮፕላን በመንገዱ አዲስ አበባ የሚያርፍ ከሆነ «ስቶፕስ አት አዲስ አበባ» ይባላል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘች ከተማ በበረራው መስመር ላይ አንዲት ማረፊያ ነጥብ ሆነች ማለት ነው።

ኦን ገጽን ብቻ ሳይሆን መስመርንም ይይዛል ብያለሁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መንገድ፣ ወንዝ፣ ድንበርና የባሕር ጠረፍ በእንግሊዝኛ መስመር ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ «ኦን ሌክ ታና» ናት፤ ውኃው ላይ ስለተንሳፈፈች ሳይሆን የሐይቁን ዳርቻ መስመር ስለምትነካ ነው። ደሴቶቹ ግን በውኃው ስለተከበቡ «ኢን ሌክ ታና» ናቸው፤ ገዳማቱ ደግሞ የደሴቶቹን ምድር ረግጠው ስለቆሙ «ኦን» ደሴቶቹ ናቸው። ይህን አንድ ሥዕል በአእምሮው የያዘ ሰው ኢንና ኦንን ለመለየት ሌላ ብዙ ምሳሌ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ወፏና ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ዛፍ በእንግሊዝኛ ዓይን ቅርንጫፍና ቅጠሉ ወፏን ከብቦ የሚይዝ ስለሆነ ወፏ «ኢን ዘ ትሪ» ናት። ፍሬው ግን ከዛፉ የበቀለ፣ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ አካሉ ነውና «ኦን ዘ ትሪ» ይባላል። የፀሐይ ብርሃን፣ ዝናብና ጥላም ሰውን ዙሪያውን የሚያገኙ ነገሮች ስለሆኑ ኢን ይወስዳሉ። ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ ትንሽ ዓለም ይዟል ተብሎ ስለሚታሰብ አያቴ በውስጡ ናቸው፤ አቧራ ያረፈበት ከሆነ ግን አቧራው «ኦን» ፎቶው ነው። ጋዜጣም ያው ነው፤ ያነበብነው ዜና ኢን፣ የፈሰሰበት ቡና ኦን።

ተሽከርካሪ ላይ ሲደረስ አማርኛም መፈተኛውም አያግዙም። እኛ አውቶቡስ ውስጥም መኪና ውስጥም እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለመኪና ኢን፣ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን ኦን ይላል። ቆመው የሚራመዱበት ወለል ያለው፣ በተወሰነ መስመር የሚጓዝ የሕዝብ ማመላለሻ ኦን ይወስዳል፣ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ኢን ይወስዳል ብሎ መያዝ ይበቃል። ፈረስ፣ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት የሚፈናጠጧቸው ስለሆኑ በኦን ይሄዳሉ።

ጊዜ ከቦታ የተዋሰው ይህንኑ ሥዕል ነው። የሰዓት ቁጥር ነጥብ ነው፤ የሰዓቱ እጅ አንድ ጊዜ ነክቶት ያልፋል፣ ስለዚህ አት። እኩለ ቀን፣ እኩለ ሌሊትና ንጋትም እንደ ነጥብ ስለሚታዩ አት ይወስዳሉ። ወር፣ ዓመትና ክፍለ ዘመን በውስጣቸው ብዙ ቀናትን የያዙ ስለሆኑ ኢን ይወስዳሉ። በመካከል ያለው ቀን ኦን ይወስዳል፤ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ እያንዳንዷ ቀን አንድ ነገር የሚጻፍባት ገጽ ናት ብሎ ማሰብ ይረዳል። ይህ ለማስታወስ የሚጠቅም ሥዕል ነው እንጂ ቃሉ በታሪክ የመጣበት መንገድ ነው ማለቴ አይደለም። ዋናው ነገር ቀን ያለበት ሐረግ ሁሉ ኦን መውሰዱ ነው። «1896» ብቻውን ከሆነ ኢን ነው፤ «ማርች 1896» ቢሆንም ኢን ነው፤ «1 ማርች 1896» ሲሆን ግን ቀኑ ስለገባ ሐረጉ በሙሉ ኦን ይሆናል። የአድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ አቆጣጠር ያ ቀን ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በዓመተ ምሕረቱ ይወሰዱና «ኢን 1 ማርች 1896» ይጽፋሉ፤ ዓይናቸው መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ላይ ስለሚያርፍ ነው።

የቀን ክፍሎች ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ምሽት ርዝመት ስላላቸው ኢን ይወስዳሉ፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይባላል። ሌሊት ግን «አት ናይት» ነው። ሌሊቱን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ የማየት ልማድ ነው፤ ተናጋሪው ወደ ውስጡ ገብቶ «ሌሊት ላይ ነቃሁ» ሲል «ኢን ዘ ናይት» ማለቱ ይህን ያሳያል። ከዚህ የሚከብደው ጠዋቱ የአንድ የታወቀ ቀን ጠዋት ሲሆን ነው። «ሰኞ ጠዋት» ሲባል ኢን ይጠፋና «ኦን ማንዴይ ሞርኒንግ» ይሆናል፤ «ቀዝቃዛ በሆነ አንድ ጠዋት» ሲባልም የተወሰነ ቀን ስለተነካ ኦን ይሆናል። ቀን ወደ ሐረጉ በገባ ቁጥር ኦን ያሸንፋል።

ቀጥሎ ያለውን ስሕተት ግን ከሁሉም አብልጬ አሳስባለሁ፤ ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ወጥመድ ነውና። እኛ «ባለፈው ሰኞ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «በዚህ ዓመት» ስንል «በ» በግልጽ አለች። ተማሪው ያቺን «በ» ታማኝ ሆኖ ይተረጉማትና «ኦን ላስት ማንዴይ»፣ «ኢን ኔክስት ዊክ» ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ግን ላስት፣ ኔክስት፣ ዚስ እና ኤቭሪ የጊዜ ቃልን ሲቀድሙ የትኛው ጊዜ እንደሆነ ራሳቸው ስለሚናገሩ መስተዋድዱ ሥራ ያጣል፣ ስለዚህ ይወጣል። «ላስት ማንዴይ» ብቻ ይባላል። ትናንት፣ ዛሬና ነገም እንደዚሁ ምንም አይወስዱም። ባዶ ቦታ ሙላ በሚል መልመጃ ውስጥ አንዳንዱ ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ተማሪው ካልተነገረው ሁሉንም ለመሙላት ይገደዳል፤ ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም።

ኢን በጊዜ ላይ ሌላም የሚያሳስት ትርጉም አለው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ» ያለን ሰው ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ቢመጣ ቃሉን ጠብቋል፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ማለቱ ነበርና። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አይል ቢ ባክ ኢን አን አወር» ሲል ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሰዓቱ ሞልቶ ሲያልቅ እመጣለሁ ማለቱ ነው። የእኛን «ውስጥ» የሚተካው ዊዝኢን የሚለው ቃል ነው። ሥራው ስለወሰደው ጊዜ ሲነገር ደግሞ «ኢን አን አወር» ማለት ሥራውን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ኢንን ከጊዜ መጠን ጋር ያገኘ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ወደፊት ቀጠሮ ነው ወይስ ሥራው ስለፈጀው ጊዜ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከመልመጃው መጽሐፍ ጋር የማይስማሙ መልሶች የሚመጡበትም ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን ስሕተት አይደሉም። ቅዳሜና እሑድን እንግሊዞች «አት ዘ ዊክኤንድ» ይላሉ፣ አሜሪካኖች «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ይላሉ። እንግሊዞች ገናን ከነሰሞኑ «አት ክሪስማስ» ይሉታል፤ የበዓሉን ዕለት ለይተው ሲጠሩት «ኦን ክሪስማስ ዴይ» ያደርጉታል፣ ዕለቱ ቀን ነውና። ታሞ የተኛ ሰው በእንግሊዞች አነጋገር «ኢን ሆስፒታል» ነው፣ አሜሪካኖች በመካከሉ ዘ ያስገቡበታል፤ ጠያቂው ግን በሁለቱም ዘንድ «አት ዘ ሆስፒታል» ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቹ ወይም ከፊልም የለመደውን የጻፈ ልጅ ከእንግሊዞች አነጋገር በተቀዳ የመልስ ቁልፍ ሲታረም ዜሮ ሊያገኝ ይችላል፤ አራሚው ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩንም ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ለእህቴ ልጅ ስለ አበበ ቢቂላ የሮም ማራቶን አጭር ምንባብ ጻፍኩላትና መስተዋድዶቹን ባዶ ተውኳቸው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ከ«10 ሴፕቴምበር 1960» በፊት ነበር፤ ቀን አለበት ብላ ኦን ሞላች። ከ«ሮም» በፊት ኢን አስገባች፣ ውድድሩ የተካሄደው በከተማዋ ውስጥ ነውና ትክክል ናት። ከ«ዘ ሮም ኦሎምፒክስ» በፊት ግን ያንኑ ኢን ደገመችው፤ ሮም የሚለውን ስም ስላየች ነው። ኦሎምፒክ ከተማ ሳይሆን ሰዎች የሚገናኙበት ዝግጅት መሆኑን ስነግራት እንደ ስብሰባው መሆኑን አስታውሳ ወደ አት ለወጠችው። «28 ዓመት ዕድሜው ላይ» ለሚለው መጀመሪያ ኦን አስባ ነበር፤ ዕድሜ በሕይወት መስመር ላይ ያለ ነጥብ ነው ስላት «አት ዚ ኤጅ ኦፍ 28» አደረገችው። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠበት ጥንታዊው የአፒያ መንገድ መስመር ስለሆነ ኦን ወሰደ፤ ጨለማው ሯጮቹን ከብቧቸው ስለነበር «ኢን ዘ ዳርክ» ሆነ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ደግሞ ሩጫው የፈጀው ጊዜ ስለሆነ ኢን ተሰጠው። ምንባቡ ውስጥ «ከአራት ዓመት በኋላ» የሚል ሐረግ አስገብቼ ከፊቱ አንድ ባዶ ቦታ አኑሬ ነበር፤ «ፎር ይርስ ሌተር» ራሱን የቻለ ነው ብላ በአጭር ሰረዝ ዘጋችው።

የቀራት አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ ውድድሩ የተጠናቀቀበት የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አንሥታ «ቅስቱ ላይ ጨረሰ… ቅስቱ ውስጥ ጨረሰ…» እያለች ለራሷ ደጋገመችው፤ ከዚያም «ቅስቱ ጋ ጨረሰ» አለችና አት ብላ ጻፈች።